ሆላንዴዝ ሳይለያይ፣ ሳይፈረፈርና ሳይበከል

ሆላንዴዝ ሶስ ከአምስት ነገር ይሠራል፤ ከእንቁላል አስኳል፣ ከቅቤ፣ ከሎሚ፣ ከውኃና ከጨው። ወፈር ያለ ቢጫ ክሬም መስሎ፣ ለብ እንዳለ፣ በዓሣ ወይም በአስፓራገስ ላይ ይፈስሳል። በሆቴል የቁርስ ዝርዝር ላይ «ኤግስ ቤኔዲክት» የሚለውን ያዘዘ ሰውም፣ ቅርፊቱ ተሰብሮ ውኃ ውስጥ በበሰለው እንቁላል ላይ ተንጣሎ የሚያገኘው ይህንኑ ሶስ ነው። የሚገባበት ነገር ትንሽ ቢሆንም ወጥ ሠሪዎችን ሲያስጨንቅ የኖረ ነው። ፈረንሳዊው የወጥ ቤት ሊቅ ላ ቫሬን እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው መጽሐፉ ለአስፓራገስ የሚሆን የቅቤ፣ የሆምጣጤና የአስኳል ሶስ አሠራር ሲጽፍ፣ እንዳይቋጠር መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ያኔውኑ አስጠንቅቆ ነበር።

ጭንቀቱ የሚመጣው ሶሱ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ስለሚጠይቅ ነው። አስኳሉ ሶሱን ለማወፈር የሚበቃ ሙቀት ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ጥቂት ካለፈ ግን እንቁላል ፍርፍር ይሆናል። ቅቤው እንደቀለጠ መቆየት አለበት፤ ከቀዘቀዘ ይረጋና ቅልቅሉን ያፈርሰዋል። በመጨረሻም ሶሱ እንግዳው እስኪቀርብ ድረስ መጠበቅ አለበት፤ ለብ ያለ እንቁላልና ቅቤ ደግሞ ለባክቴሪያ የተመቸ ቤት ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን የመጀመሪያ ችግሮች ሲፈራ ሦስተኛውን ይረሳል። እንዳይፈረፈር ብሎ ሶሱን ከእሳቱ ራቅ አድርጎ ለብ ባለ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ያ ለብ ያለ ቦታ ግን ለጤና ከሁሉ የከፋው ነው። ሶሱ ከሚታሰበው በላይ ሙቀት መቻል ይችላል። እንዲችል የሚያደርገው ምን እንደሆነ ካወቅን ሦስቱም ጥያቄዎች በአንድ መንገድ ይመለሳሉ።

በቅድሚያ የተበላሸ ሶስ ሁለት ዓይነት መሆኑን ለይተን እንወቅ፤ መድኃኒታቸው ይለያያልና። አንደኛው መለያየት ነው። ቅቤው ከሌላው ተነጥሎ ዘይት ሆኖ ይወጣል፤ ከሥሩ ቀጭን ቢጫ ውኃ ይቀራል፤ ሶሱም የተቆራረጠ መልክ ይይዛል። ሁለተኛው መፈርፈር ነው። እዚህ የተበላሸው አስኳሉ ራሱ ነው፤ በስሎ ትንንሽ ጓል ሠርቷል። በዓይን ሲታዩ ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ጥቂት ወስዶ በሁለት ጣት መካከል ማሸት ይለያቸዋል። ተለያይቶ ከሆነ ጣት ላይ ቅባት ብቻ ይቀራል፤ ተፈርፍሮ ከሆነ ግን በጣት የማይጠፋ ጠጣር ቅንጣት ይዳሰሳል። የተለያየ ሶስ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ይመለሳል። የበሰለ እንቁላል ግን ተመልሶ ጥሬ አይሆንም።

ሶሱ ለምን ይለያያል? ቅቤና ውኃ በተፈጥሯቸው አይዋሐዱም። በሆላንዴዝ ውስጥ ቅቤው በመምቻው ተመትቶ ዓይን የማያያቸው ጠብታዎች ይሆናል፤ ጠብታዎቹም በጥቂት ውኃ ውስጥ ተበትነው ይቀመጣሉ። አስኳል ውስጥ ያለው ሌሲቲን የተባለ ንጥረ ነገርና ፕሮቲኖቹ እያንዳንዱን ጠብታ ይለብሱትና ከጎረቤቱ ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክሉታል። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው አስኳል ያነሰ ይመስለዋል። አስኳል ግን እጅግ ብዙ ቅባት የመሸከም አቅም አለው፤ ቀድሞ የሚያልቀው ውኃው ነው። ቅቤ በተጨመረ ቁጥር ጠብታዎቹ ሰው እንደሞላበት ታክሲ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ውኃ ሲሳሳ ይነካካሉ፣ ይዋሐዳሉ፣ ዘይት ሆነው ይወጣሉ። ስለዚህ ሶሱ እጅግ ሲወፍርና ጠርዙ ላይ የዘይት ብልጭታ ሲታይ «ጥሩ ወፈረልኝ» የሚባልበት ጊዜ አይደለም። ሶሱ ውኃ እየጠየቀ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሞቅ ያለ ውኃ በዚያች ቅጽበት ያድነዋል።

የመፈርፈሩ ምክንያት የአስኳል ፕሮቲን ነው። ብቻውን ያለ አስኳል 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መወፈር ይጀምራል፣ 70 ሲደርስ ይረጋል። ውኃ ሲጨመርበት ፕሮቲኖቹ ይራራቃሉ፤ ስለዚህ የሚረጋበት ሙቀት ከፍ ይላል። ከውኃው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሎሚው ነው። አሲድ ፕሮቲኖቹ እርስ በርሳቸው እንዲገፋፉ ያደርጋል፤ ሲሞቁም ተጨባብጠው ጓል በመሆን ፈንታ ተዘርግተው ልል መረብ ይሠራሉ። የምግብ ሳይንስ ጸሐፊው ሃሮልድ ማጊ እንዳስረዳው፣ የአስኳሉ ቅልቅል ኮምጣጣነት የእርጎን ያህል ከሆነ እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ሳይፈረፈር ሊሞቅ ይችላል። ብዙ የአሠራር ዝርዝር ሎሚውን ለጣዕም ብሎ መጨረሻ ላይ ያስገባዋል። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሎሚው መጨረሻ ላይ ሲገባ ያጣፍጣል እንጂ አይጠብቅም፤ ጥበቃው የሚያስፈልገው አስኳሉ እሳት ከማየቱ በፊት ነው።

አሁን ለስድስት ሰው የሚበቃ ሶስ እንሥራ። የሚያስፈልገው ሦስት አስኳል፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውኃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ ጨውና 250 ግራም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ ነው። የእኛ ሀገር ሎሚ ትንሽ ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ፍሬ ይጠይቅ ይሆናል።

ቅቤ ማንጠር ለሀገራችን ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ልዩነቱ እዚህ ኮረሪማ፣ በሶብላና ሌላው ቅመም አለመግባቱ ነው። ለወጥ የተነጠረ ቅቤ ሶሱን አያበላሸውም፤ ጣዕሙ ግን ሌላ ምግብ ይሆናል። ቅቤው በዝግታ ይቅለጥ፣ ከላይ ያለው አረፋ ይገፈፍ፣ ከሥር የተኛው ነጭ ፈሳሽ ሳይነካ ወርቃማው ብቻ ይቀዳ። የገበታ ቅቤ ከመቶው 80 ያህሉ ቅባት፣ አብዛኛው ቀሪ ውኃ ስለሆነ ከ250 ግራሙ 200 ግራም ገደማ ይገኛል። የማንጠሩ ጥቅም የውኃውን መጠን በእጃችን ማድረጉ ነው። ሳይነጠር የቀለጠ ቅቤም ይሠራል፤ ከራሱ ውኃ ይዞ ስለሚገባ ግን ሶሱ ይቀጥናል። የተነጠረውን 60 ዲግሪ አካባቢ አቆዩት። ከምድጃ እንደወረደ ፈልቶ ከገባ የነካውን አስኳል ያበስለዋል፤ ከ40 በታች ከወረደ ደግሞ ሶሱን ያቀዘቅዘዋል።

አስኳሉን፣ ውኃውን፣ ሎሚውንና ቁንጥር ጨው በማይዝግ ብረት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አድርጉና ገና እሳት ሳይነካው ምቱት። ከዚያ ሳህኑን ውኃ ባለበት ድስት አፍ ላይ አስቀምጡት፤ የሆቴል ወጥ ሠሪዎች ባን ማሪ የሚሉት ነው። ውኃው የሳህኑን ቂጥ መንካት የለበትም፤ የሚያሞቀው እንፋሎቱ ብቻ ይሁን። ውኃው እንዲንተከተክ አያስፈልግም፤ ቀስ ብሎ እንፋሎት የሚሰጥ ከሆነ ይበቃል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ያም ቢሆን ለአስኳል ብዙ ነው።

አሁን መምቻው ማረፍ የለበትም፤ የሳህኑን ሥርና ጎን ሁሉ ይዳስስ። አስኳሉ ቀድሞ የሚበስለው ብረቱን በነካበት ቦታ ነውና ጥቂት ሰኮንድ የተረሳ ጥግ ፍርፍር ያወጣል። መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይታያል፤ ቀጥሎ አረፋው ይደቅቃል፣ ቀለሙ ይነጣል፣ መጠኑ እጥፍ ያህል ይሆናል። መምቻው ያለፈበት መንገድ ሳይዘጋ ለአፍታ ሲቆይና የሳህኑን ሥር ሲያሳይ ደርሷል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው 70 እስከ 72 ዲግሪ ያነባል። ብዙዎች በዚህ ደረጃ ላይ ፈርተው 60 ሳይደርስ ያነሱታል፤ ሶሱም የሚቀጥነውና ጥሬ እንቁላል የሚለው ለዚህ ነው። 71 ዲግሪ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለእንቁላል ምግብ የሚመክረው ሙቀትም ስለሆነ፣ ሶሱን የሚያወፍረው ሙቀት ባክቴሪያውንም ይገድላል። ከሳህኑ ሥር እንፋሎት ሽቅብ ቦግ ሲል ወይም ጠርዙ ላይ የደረቀ አስኳል ሲታይ ግን ወዲያው አንሱት፣ መምታቱንም ቀጥሉ። ሳህኑ ራሱ የያዘው ሙቀት ከእንፋሎቱ ከተነሣ በኋላም ማብሰሉን ይቀጥላልና።

ሳህኑን ከእሳቱ አውርዱና እንዳይዞር እርጥብ ፎጣ ላይ አኑሩት። ቅቤው መጀመሪያ በጠብታ ይግባ። ችኮላ የሚጎዳው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ማንኪያዎች ነው፤ ጠብታው ገና አልተበተነም። ሶሱ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ቅቤው እንደ ቀጭን ክር ሊወርድ ይችላል፤ የፊቱ ሳይዋሐድ ግን ቀጣዩ አይጨመር። ሲመቱት ሙቀቱ ስለሚወርድ መካከል ላይ ከ60 በታች ከደረሰ ሳህኑን ለጥቂት ሰኮንድ ወደ እንፋሎቱ መልሱት። ሲወፍርባችሁ የሻይ ማንኪያ ሞቅ ያለ ውኃ ጨምሩ፤ ለዚህ አንድ ብርጭቆ ሞቅ ያለ ውኃ ከጎናችሁ ይኑር። መጨረሻ ላይ ቅመሱና ጨው፣ ቁንጥር ሚጥሚጣ ወይም ጥቂት ተጨማሪ ሎሚ አስተካክሉ። ከማንኪያ ላይ በዝግታ የሚወርድ፣ እንደ ቅርጽ የማይቆም ሶስ ጥሩ ሆላንዴዝ ነው።

ከተለያየ አትጣሉት። ንጹሕ ሳህን ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃ አድርጉ፤ የተለያየው ሶስ ቀዝቅዞ ከሆነ ውኃው ሞቃት፣ በጣም ግሎ ከሆነ ውኃው ቀዝቃዛ ይሁን። የተበላሸውን በማንኪያ እያነሳችሁ በዚያ ውኃ ላይ ጨምሩና ምቱ፤ የመጀመሪያው ማንኪያ ሲዋሐድ ሌላው ይከተላል። ያጣው ውኃ ነበርና ሲመለስለት ይስማማል። በውኃ ብቻ እምቢ ካለ አንድ አዲስ አስኳል ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ውኃና ከጥቂት ሎሚ ጋር እንደ መጀመሪያው በእንፋሎት አወፍሩና የተበላሸውን በእርሱ ላይ አስገቡ። አዲሱ አስኳል ጥሬውን እንዳይገባ፤ እርሱም 70 ዲግሪ ያህል መድረስ አለበት። ሶሱ ተፈርፍሮ ከሆነ በማጥለያ አጥልሉት። ጓሉ ጥቂት ከሆነ ከሥር የሚወርደው ሶስ ይበላል፤ ብዙ ከሆነ ግን የሚተርፈው ቅቤው ነው፤ ያን ቅቤ በአዲስ አስኳል እንደገና መሥራት ይቻላል።

ሶሱን ማቆየት ላይ ስንደርስ፣ ጥንቃቄው ከጣዕም ያለፈ ነው። ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ቅርፊቱ ንጹሕና ያልተሰነጠቀ እንቁላል ውስጥም ሊኖር ይችላል፤ ዶሮዋ እንቁላሉን ስትሠራ አብሮ ይገባልና ማጠብ አያስወጣውም። ሆቴል ቤት ውስጥ የሠላሳና የአርባ እንቁላል አስኳል በአንድ ሳህን ሲጠራቀም አንዱ የተበከለ ቢኖር ሁሉንም ይበክላል። ከበሰለ በኋላ ደግሞ ከሰው እጅ፣ ከቀመሱበት ማንኪያ፣ ከጠረጴዛ ሌላ ባክቴሪያ ሊገባ ይችላል፤ ከእነዚህ ውስጥ አንዳንዱ የሚተወው መርዝ ምግቡ እንደገና ቢሞቅ እንኳ አይጠፋም። ሎሚው በዚህ በኩል አይተማመኑበትም። በሆላንዴዝ ውስጥ ያለው መጠን አስኳሉን ከመፈርፈር ይጠብቃል እንጂ ባክቴሪያን ለማስቆም አይበቃም።

ስለዚህ የሚይዘው ሙቀቱ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ57 ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ያዛል፤ በእንግሊዝ ወለሉ 63 ነው። በዋሽንግተን ወይም በለንደን ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ቁጥሩን ከተቆጣጣሪው ሰምቶት ይሆናል። ብዙ ወጥ ሠሪዎች ግን ሶሱን ምድጃው ዳር፣ 40 እና 45 ዲግሪ አካባቢ ያኖሩታል። በዚያ ሙቀት ሶሱ ውብ ሆኖ ይቆያል፤ ጣት ሲገባበትም አይፋጅም፤ ሳልሞኔላ ግን ይራባል። የእኔ ምክር 63 ላይ ማቆየት ነው። ሎሚውን ከመጀመሪያው ያገኘ፣ በቂ ውኃ ያለው ሶስ በዚህ ሙቀት አይፈረፈርም፤ ቅቤውም ከሚረጋበት ሙቀት እጅግ ርቆ ነው።

ለዚህ የሚሆን ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ባን ማሪው ራሱ ነው። እሳቱ ይጥፋ ወይም እጅግ ይነስ፣ ከሥር ያለው ውኃ 65 እስከ 68 ዲግሪ ይሁን፣ ሶሱ ይከደን። በየአሥርና በየአሥራ አምስት ደቂቃው ይማሰል፣ ሙቀቱም ይለካ፤ ሲለካ ቴርሞሜትሩ መካከሉን ይንካ እንጂ የሳህኑን ሥር አይንካ። ክዳን የሌለው ሶስ ውኃው ይተንናል፣ ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ጠርዙ ላይም ይለያያል። ክዳን ቢኖርም ቀስ በቀስ መወፈሩ አይቀርምና አልፎ አልፎ የሻይ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ይገባዋል።

ሁለተኛው መንገድ በየቤታችን ለሻይና ለቡና የምናኖረው ፔርሙስ ነው፤ አፉ ሰፊ የሆነው ይመረጣል። አስቀድሞ በፈላ ውኃ ሞልቶ አምስት ደቂቃ ማቆየት፣ ውኃውን ደፍቶ ሶሱን 65 ዲግሪ ገደማ እያለ ማስገባትና መክደን ነው። ፔርሙስ ከውጭ ሙቀት ስለማይቀበል አስኳሉን ከዚህ በላይ አያበስለውም፤ እንፋሎቱም ስለማይወጣ ሶሱ አይደርቅም። ለእንግዳ ምሳ የሚያዘጋጅ ሰው ዓሣውን እስኪጠብስ ድረስ ከዚህ የተሻለ ረዳት አያገኝም። ሙሉ ፔርሙስ ከግማሹ ይልቅ ሙቀት ስለሚይዝ ለሦስት አስኳል ሶስ ትንሹ ይበቃል። ማሽተት የሚያውቁ ሰዎች የቡናው ሽታ ሶሱን እንደሚጎዳው ይነግሯችኋል፤ ለሶስ የተለየ ፔርሙስ ይኑር። ከመቅረቡ በፊት አንዴ ይለካ፤ ከ57 በታች ወርዶ ከተገኘና መቼ እንደወረደ ካልታወቀ አታቅርቡት።

ጊዜውም ወሰን አለው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጣዕሙ መድከም ይጀምራል፤ ከሁለት ሰዓት ያለፈውን አፍስሱት። ሆቴል ቤት ያለ ሰው የሠራበትን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ዕቃው ላይ ቢለጥፍ ክርክር አይነሣም። የጠዋቱን ትርፍ በአዲሱ ላይ መጨመር ፈጽሞ አይደረግም፤ አሮጌው የያዘውን ሁሉ አዲሱ ይወርሳል፤ ሰዓቱንም ማንም አያውቀውም። ትንሽ ትንሽ እየሠሩ ቶሎ ቶሎ ማቅረብ ከአንድ ትልቅ ድስት ይሻላል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አዛውንት ወይም ሕመምተኛ የሚመገብበት ቤት ከሆነ ደግሞ በፋብሪካ በሙቀት የታከመ አስኳል ሲገኝ በእርሱ መሥራት ይመረጣል፤ ካልተገኘ 71 ዲግሪው በቴርሞሜትር ይረጋገጥ፣ ሶሱም እንደተሠራ ይበላ።

ቤት ውስጥ የተረፈ፣ ሙቀቱን ጠብቆ የቆየ ጥቂት ሶስ ካለ ሰፊ ሳህን ላይ ስስ አድርጋችሁ አፍስሱና ቶሎ ፍሪጅ አስገቡት። በማግስቱ እንደ ሶስ ላሞቀው ካላችሁ ይለያያል። እንደ ቅቤ ቁጠሩት፤ አንድ ማንኪያ ቆርጣችሁ ከምጣድ በወረደ ትኩስ ዓሣ ላይ ጣሉት፣ ወይም እንቁላል ስትጠብሱ መጥበሻው ላይ በዘይት ፈንታ አቅልጡትና እንቁላሉን በደንብ አብስሉ።